ላም ሳሉ፦ ከጣራ ገዳም እስከ ደብረ ታቦር

ወረታ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድ ወረታ ላይ ቅርንጫፍ ያወጣል። ዋናው ወደ አዲስ ዘመን ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በዓለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ይወጣል። ወሩ ኅዳር ነው፤ በፎገራ ሜዳ የሩዝ አጨዳ ደርሷል። እኔን ግን ወደዚህ ያመጣኝ ፊደል ነው።

ለመዋዕለ ሕፃናት ልጆች የሚሆኑ አጫጭር ንባቦችን የማዘጋጀት ሥራ ይዣለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ከመጻፌ በፊት ልጆች ከፊደል ወደ ቃል የሚሻገሩበትን ቦታ በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ብዙ ልጅ እዚያ ላይ ይቀራልና። ከሀ እስከ ፐ ያለውን ፊደል በዜማ ሳያደናቅፈው የሚወርድ ልጅ «ላም» የሚል ጽሑፍ ሲቀርብለት «ላ» ይላል፣ ያርፋል፣ «ም» ይላል፣ ዝም ይላል። ላምን ከተወለደ ጀምሮ ያውቃታል። ሁለቱንም ፊደሎች ያውቃቸዋል። ግን ሁለቱ ፊደሎች ተጣምረው ላሟን አያመጡለትም።

ይህ የጥቂት ልጆች ችግር አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል አንድም ቃል ማንበብ ያልቻሉት ብዙ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በአማርኛና በሌሎች ስድስት ቋንቋዎች የንባብ መጻሕፍት እንደ አዲስ ተዘጋጅተዋል። መጽሐፉ የሚጀምረው ግን አንደኛ ክፍል ላይ ነው። እኔ ማየት የፈለግሁት ከዚያ በፊት ባለው ዓመት፣ በዜሮ ክፍል፣ ምን እንደሚደረግ ነው።

ከጣራ ገዳም ግርጌ

ጣራ ገዳም ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ ከፍ ብሎ ይታያል። በዙሪያው ያለው ገበሬ መሬቱን ሁሉ አርሶታል፤ የገዳሙ ደን ግን ወይራውን እንደያዘ ቆሟል። የጎበኘሁት ዜሮ ክፍል ከዚህ ተራራ ግርጌ ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ ከግንድ የተጠረቡ መቀመጫዎች፣ ስድስት ዓመት የሞላቸውና ሊሞላቸው የቀረቡ ልጆች። መምህሯ የክፍሏን ግድግዳ አሳየችኝ። እንደሌላው ቦታ ሙሉው የፊደል ገበታ አልተሰቀለበትም። ከካርቶን የተቆረጡ አሥራ አንድ ፊደሎች ብቻ ተለጥፈዋል፦

ላ ማ ሳ ራ ም ር ስ ሉ ሱ ሙ የ

«ሌሎቹስ?» አልኳት።

«ሌሎቹን ቤታቸውም ይሰሟቸዋል። እኔ የምፈልገው እስከ ኅዳር ድረስ በእነዚህ እንዲያነቡ ነው» አለችኝ።

ከመስከረም ጀምሮ በሳምንት ከሁለት ፊደል አላስበለጠችም። ምርጫዋን ስታስረዳኝ እያንዳንዱ ፊደል የገባበት ምክንያት እንዳለው ገባኝ፤ ያንን እዚህ ላይ በሰፊው መጻፍ አለብኝ።

በእንግሊዝኛ የሚማር ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተነባቢን ከአናባቢ ጋር ራሱ ማጣበቅ አለበት። የእኛ ፊደል ይህንን ሥራ አስቀድሞ ጨርሶለታል። «ላ» ሁለት ድምፅ ናት፤ ግን አንድ ሆና ተጽፋለች፤ አንድ ሆና ትነገራለች። ስለዚህ «ማማ»፣ «ማሳ»፣ «ሳማ» ለልጁ ቀላል ናቸው። ሁለቱን ፊደሎች በቅደም ተከተል ጮክ ብሎ ከጠራቸው ቃሉን ብሏል። መምህሯ ራብዑን ያስቀደመችው ለዚህ ነው፤ አፍ ሰፋ ብሎ የሚከፈትበት፣ ድምፁ የሚጎላ፣ ልጁ እስከፈለገው ድረስ ሊጎትተው የሚችል ድምፅ ነው። በዚያ ላይ ላ፣ ማ፣ ሳ ራብዕ መሆናቸውን የሚያሳየው ምልክት ወደ ታች የወረደ ቀኝ እግር ነው፤ ዓይን ቶሎ ይለምደዋል። ራ ብቻ ከዚህ ደንብ ትወጣለች፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ መጣች። ሉ፣ ሱ፣ ሙ ደግሞ ሦስቱም ቀኝ ወገባቸው ላይ ቅጥያ አላቸው። ሩ እንዲህ ያለ መልክ ስለሌላት ለጥር ተቀጠረች።

ችግሩ ያለው ሳድስ ላይ ነው። ም፣ ር፣ ስ ለብቻቸው ሲጠሩ ከኋላቸው አጭር ድምፅ አለ፤ ልጁ ፊደል ሲቆጥር የሚሰማውም ያንን ነው። «ላም» ሲባል ግን ያ አጭር ድምፅ የለም፤ ከንፈር ተገጥሞ ያበቃል። ልጁ ፊደል በቆጠረበት ድምፅ ሲያነብ «ላ፣ ምእ» ይላል። ያለው ነገር ላም አይመስልም። ስለዚህ ራሱን አያምንም፤ መምህሩ እስኪነግረው ይጠብቃል። ሳድስ በመልኩም አስቸጋሪ ነው፤ እንደ ካዕብ በአብዛኞቹ ፊደሎች ላይ የሚደጋገም አንድ ምልክት የለውም። ም የራሷ መልክ አላት፣ ስ የራሷ፣ ር የራሷ።

ታዲያ ከሳድሶቹ ሁሉ መጀመሪያ ም ለምን ተመረጠች? ከንፈር ገጥሞ ድምፁን በአፍንጫ እንደያዙ መቆየት ስለሚቻል ነው። ስ እንዲሁ ናት፤ በጥርስ መካከል እያፏጨች ትቆያለች። ርም ምላስን እያርገበገበች ትቆያለች። እነዚህን ያለ አናባቢ ለብቻቸው ማሰማት ይቻላል። ብ፣ ት፣ ክ፣ ድ ግን እንዲህ አይደሉም። ከአፍ ሲወጡ ይፈነዳሉ፤ ለብቻቸው ጮክ ብሎ መጥራት የሚፈልግ ሰው የግድ አጭር ድምፅ ይጨምርባቸዋል። «ላብ» እና «ቤት» ለአዋቂ ከ«ላም» የሚከብዱ አይመስሉም፤ ለጀማሪ ግን በጣም ይከብዳሉ። ባ ከግድግዳው ላይ የታጣችውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ብን ታስከትላለችና። ሌላም ምክንያት አለ። የበ እና የሰ ቤቶች በመልክ ስለሚቀራረቡ ሳ ሳትጸና ባ ከመጣች ልጆች ያቀያይሯቸዋል።

ሰኞ ማክሰኞ

ትምህርቱ ከ20 ደቂቃ አይበልጥም፤ አብዛኛው ውጭ ነው። መምህሯ ደረቁ መሬት ላይ በዱላ የሰኞ ማክሰኞ ሳጥኖች ትሠራለች፤ በየሳጥኑ ፊደል ትጽፋለች። ልጆቹ ጨዋታውን ሰፈራቸው ያውቁታል። እሷ የጨመረችው አንድ ደንብ ብቻ ነው። ድምፁ የሚከፈት ፊደል ላይ በአንድ እግር ይቆማል፤ ልጁ ወደሚቀጥለው ሳጥን እስኪዘል ድረስ ድምፁን ይጎትታል። የሚዘጋ ፊደል ላይ በሁለት እግር ይታረፋል፤ ድምፁም እዚያው ይቋረጣል።

አንዲት ሕፃን «ሳ» ላይ በአንድ እግሯ ቆማ ድምፅዋን ለቀቀችው። አየር ላይ ሳለችም አላቋረጠችውም። «ር» ላይ ሁለት እግሯን ገጥማ ስታርፍ «ሳር» የሚለው ቃል ተሟልቶ ወጣ። የቆሙት ልጆች «ሳር!» ብለው ጮኹ፤ አንዱ ሮጦ ከአጥሩ ሥር ጨብጦ አመጣ። ይህ የደንቡ ክፍል ነው፦ ቃሉን የሰማ ነገሩን ያሳያል።

ጨዋታው የሚያስተምረው ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲኬድ በመካከል ዝምታ እንዳይኖር ነው። ማጣመር የሚባለው ነገር ፍሬው እዚህ ላይ ነው። ልጁ «ሳ» ብሎ ትንፋሹን ከቆረጠ በኋላ «ር» ቢል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሰማ እንጂ ቃል አልሰማም። በመካከል ያለችው ዝምታ ትንሽ ብትሆንም ቃሉን ታፈርሰዋለች።

አንድ ልጅ አልሆነለትም። በአንድ እግር ቆሞ «ሳ» አለና ዝም ብሎ ዘለለ፤ ካረፈ በኋላ «ርእ» አለ። መምህሯ አልነገረችውም። ወደ ክፍል አስገብታ ሰሌዳው ላይ «ሳር» ብላ ጻፈች፤ ር ላይ መዳፏን ጫነችባት። «ሳን ጥራልኝ የኔ ጌታ፤ እስክልህ ድረስ አታቁም» አለችው። ልጁ ድምፁን ለቀቀ። ድምፁ እየሄደ ሳለ መዳፏን አነሣች፤ ምላሱ ወደ ር ሄደች። «ሳ—ር» አለ፤ ረጅም ነው፣ ግን ስንጥቅ የለውም። ደገመችለት፤ መዳፏ ቀደም ብሎ ተነሣ። ሲደጋገም ቃሉ አጠረ። «ምንድን ነው?» አለችው። ልጁ በመስኮቱ ወደ ውጭ ጠቆመ።

በሌላ ጊዜ ደግሞ ዘፈን ታደርገዋለች። ልጆቹን በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ታቆማቸዋለች። አንዱ ረድፍ «ላ»ን በዜማ ይዞ ወደ መሐል ይመጣል፤ ሌላው ረድፍ አፉን ገጥሞ በ«ም» ይቀበለዋል። ሁለቱ ሲገናኙ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ ቃሉንም አብረው ይሉታል። ዜማው አጭር ነው፤ ፊደሉ ሲለወጥ አይለወጥም። ስለዚህ ልጆቹ አዲስ ዜማ በማጥናት አይደክሙም፤ ሐሳባቸው ፊደሉ ላይ ይሆናል። በየረድፉ ፊት ያለው ልጅ የፊደሉን ካርቶን ከፍ አድርጎ ይይዛል። ካርቶኑ ከሌለ ዘፈኑ አይዘፈንም፤ ይህ የማይጣስ ሕጓ ነው።

ላም ሳሉ

ከቃል በኋላ የመጣው ሐረግ ነው፤ ለእኔ ሥራ ትልቁን ትምህርት ያገኘሁትም እዚህ ላይ ነው። መምህሯ ከሳጥን ውስጥ ካርቶኖች አወጣች። በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ቃል አለ፦ «ላም ሳሉ»፣ «ሳር ሳሉ»፣ «ማማ ሳሉ»፣ «ማር ላሱ»፣ «ራስ ሳሙ»። ልጆቹ በቡድን ሆነው አንድ ካርቶን ያነሣሉ፣ ያነባሉ፣ ያሉትን ያደርጋሉ። የሚስሉት መሬት ላይ በእንጨት ነው። ማሩ በጣት የሚላስ የማስመሰል ማር ነው። ራስ የሚሳሙት እርስ በርሳቸው ነው።

ሁሉም ሐረግ ትእዛዝ ነው። ትእዛዝ ስለሆነም ልጁ ማንበቡና መረዳቱ አብረው ይታያሉ፤ «ገባህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። ላም ከሳለ አንብቧል። ትእዛዙ ለብዙ ሰው የሆነውም በዘፈቀደ አይደለም። ለአንድ ወንድ ልጅ «ሳል» ይባላል፤ በሳድስ ያልቃል። ለአንዲት ሴት ልጅ «ሳይ» ይባላል፤ ፊደሉ ራሱ ይለወጣል። «ሳሉ» ግን ለሁሉም ይሆናል፤ በተከፈተ ድምፅ ስለሚያልቅም ይቀላል። አንድ ሐረግ ውስጥ የሚያስቸግረው ቦታ አንድ ብቻ እንዲሆን አድርጋለች፤ በ«ላም ሳሉ» ውስጥ ልጁ የሚጠነቀቀው ለም ብቻ ነው።

ቀጥሎ የ ተጨመረች፤ «የላም ራስ ሳሉ» መጣ። ሦስት ቃል ነው፤ ሁሉም ፊደል የታወቀ ነው፤ ልጆቹም የቀንዱን ርዝመት እየተከራከሩ ሣሉት።

ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ደረጃ ይመጣል፤ አዲስ ፊደል ግን አይጠይቅም። ያው ም፣ ያው ስ ሌላ ሥራ ይሰጣቸዋል። «ምሳ» ስንል ም አልተዘጋችም፤ አጭር ድምፅዋን ይዛ ወደ ሳ ታሻግራለች። በሰኞ ማክሰኞው ላይ «ላም» ሲነበብ በሁለት እግር የታረፈባት ም፣ «ምሳ» ሲነበብ በአንድ እግር ይቆምባታል። «ስም» ሲሆን ደግሞ ሁለቱም ሥራ በአንድ ቃል ውስጥ አለ፤ ስ በአንድ እግር፣ ም በሁለት እግር። መምህሯ ለልጆቹ የምትነግራቸው ደንብ አጭር ነው፤ ሳድስ ቃሉን ከጀመረ ይከፈታል፣ ቃሉን ከጨረሰ ይዘጋል። መካከል ላይ ሲሆን ያንንም ይህንንም ሊሆን ይችላል፤ እንደ «ልብስ» ያሉ ቃላትን በዚህ ዓመት አትነካቸውም።

ነ እና ው ሰሌዳው ላይ ሲጨመሩ በክፍሉ ውስጥ የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተጻፈ፦ «የላም ምሳ ሳር ነው።» ልጆቹ አንብበው ሲጨርሱ ከመካከላቸው አንዱ «ጭድም ትበላለች፣ ቲቸር» አለ። ያነበበውን ነገር የተከራከረ ልጅ ንባቡ ከጉሮሮው በታች ወርዷል።

ጣራ ገዳም

ከሰዓት በኋላ ወደ ገዳሙ ወጣሁ። በመንገዱ ላይ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የንባብ ቤት ተማሪዎች ከዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ደቡብ ጎንደር የአብነት ትምህርት አገር ነው፤ ድጓ የሚፈልግ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥእት የሚፈልግ ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። ያ ሁሉ ዜማ የሚጀምረው ግን እንዲህ ከዛፍ ሥር፣ ከፊደል ነው።

የኔታን ፈቃድ ጠይቄ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። እያንዳንዱ ልጅ ሰበዝ ይዟል፤ በሰበዙ ጫፍ ያልነካውን ፊደል አይጠራም። ዓይንና አፍ እንዳይለያዩ የሚያደርግ ዘዴ ነው፤ የዜሮ ክፍሏ መምህር ካርቶን ካልተያዘ አይዘፈንም ያለችውም ይህንኑ ነው።

«የኔታ፣ ልጁ በዜማው ብቻ እየወረደ እንደሆነ እንዴት ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«አቡጊዳ ለምን ተሠራ ታዲያ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ልክ ናቸው። በሀ ሁ ገበታ ላይ ልጅ ቦታ በመቁጠር ሊያመልጥ ይችላል። «ሩ» ላይ ሲጠቁሙት ከረ ጀምሮ በልቡ እየቆጠረ ይደርስባታል፤ ዘግየት ብሎ ትክክለኛ መልስ ይሰጣል፤ ፊደሏን ግን አላወቃትም። አቡጊዳ ይህን መንገድ ይዘጋበታል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ በእያንዳንዱ እርምጃ ተነባቢውም አናባቢውም አብረው ይለወጣሉ። ከፊት ያለው ፊደል ስለሚቀጥለው ምንም አይነግረውም። ልጁ ማየት አለበት።

ከአቡጊዳ በኋላ የሚመጣው የመልእክተ ዮሐንስ ንባብ ነው። እሱም በደረጃ ይሄዳል፦ መጀመሪያ ግዕዝ፣ ቀጥሎ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ ቁም ንባብ። በግዕዙ ልጁ እያንዳንዱን ፊደል ለይቶ በዜማ እየጣለ ቃሉን ይፈጽማል፤ በውርዱ ይያያዛል፤ በቁሙ ቃሉ እንደሚነገረው ሆኖ፣ ተነሽና ወዳቂው ተለይቶ ይነበባል። ጠዋቱን ሙሉ ዜሮ ክፍል ውስጥ ያየሁት ማጣመር ይኸው ነው፤ ፊደልን ለብቻ ማሰማት፣ ማያያዝ፣ ወደ ሰው ንግግር መመለስ። ልዩነቱ ሁለት ነው። የንባብ ቤት ልጅ የሚያነበው በግዕዝ ስለሆነ ቃሉን በትክክል ቢጠራውም ከቤቱ የሚያውቀው ነገር አይመጣለትም፤ የዜሮ ክፍሉ ልጅ ግን ሳሩን ሮጦ ያመጣል። ሁለተኛው ጊዜ ነው። የንባብ ቤት ልጅ ወደ ቃል የሚደርሰው መላውን ፊደል ከጨረሰ በኋላ ነው፤ የዜሮ ክፍሉ ግን በአምስተኛው ፊደሉ ላይ «ላም» ይላል።

ደብረ ታቦር

ወደ ወረታ ተመልሼ ወደ ደጋው ወጣሁ። ደብረ ታቦር ብርዱ ጠንካራ ነው፤ ጠዋት የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች በሹራብ ተጠቅልለው ይመጣሉ። እዚህ የጎበኘሁት ክፍል በከተማ ያለ፣ ግድግዳው በቀለም ያሸበረቀ፣ የሀ ሁ ዘፈንም የኤ ቢ ሲ ዘፈንም የሚዘፈንበት ነው።

ልጆቹ ሲዘፍኑ ያስደስታሉ። መምህሯ ግን ዘፈኑ ሊያታልል እንደሚችል ታውቃለች። ልጅ ከጓደኞቹ ድምፅ ኋላ በሩብ ሰከንድ እየተከተለ ዓመቱን ሙሉ ሊዘፍን ይችላል። ስለዚህ ዘፈኑን በቡሄ ጭፈራ ሥርዓት፣ በአውጪና በተቀባይ አድርጋዋለች። የከተማዋና የበዓሉ ስም አንድ በሆነበት አገር ይህን ሥርዓት የማያውቅ ልጅ የለም። አውጪው አንድ ልጅ ነው፤ በየዙሩ ይለወጣል፤ የመጀመሪያውን ፊደል ከካርቶኑ አይቶ ያወጣል። ተቀባዮቹ የሚዘጋውን ፊደል ይመልሳሉ። ማን እንዳወቀና ማን እንደተከተለ እዚያው ይለያል።

ሌላም ዘዴ አላት፦ በየቀኑ ስሙ የሚለወጥ የጨርቅ አሻንጉሊት። አንድ ቀን «ሙላስ» ነው፣ አንድ ቀን «ራማም»፣ አንድ ቀን «ሳሙር»። ጠዋት ስሙ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይጠብቃቸዋል፤ በስሙ ካልተጠራ ከቦርሳው አይወጣም። እነዚህ ስሞች ትርጉም የላቸውም፤ ማንም ልጅ ከዚህ በፊት አልሰማቸውም። ስለዚህ በግምትም በማስታወስም አይነበቡም፤ ከፊደሉ ብቻ ነው የሚወጡት። «ላም» የሚለውን ያለ ችግር የሚያነብ ልጅ «ራማም» ላይ ከቆመ፣ ላምን ያወቀው እንደ ሥዕል እንጂ እንደ ንባብ አልነበረም።

እዚህ ክፍል ውስጥ የማጥበቅና የማላላት ነገር ገጠመኝ። ሰሌዳው ላይ «ላም ሳር በላች» ተጽፏል። አንዲት ሕፃን ላን አላልታ «በላች» ብላ አነበበችና ፊቷ ጭምትር አለ። ፊደሎቹን ሁሉ በትክክል ጠርታለች፤ ጽሑፉ ላ ጠብቃ እንደምትነበብ አይነግራትም። መምህሯ «ያልሽውን ስሚው፤ ሰው እንዲህ ይላል?» አለቻት። ሕፃኗ ደገመችው፤ ሦስተኛው ላይ አጥብቃ «በላች» አለችና ሳቀች። የማጥበቂያ ምልክት በሌለው ጽሑፍ ይህ የማይቀር ሁለተኛ እርምጃ ነው፦ መጀመሪያ ከፊደሉ አውጣ፣ ቀጥሎ በጆሮህ አስተካክል። እርምጃው የሚሠራው ግን ቃሉን ልጁ ከቤቱ የሚያውቀው ከሆነ ብቻ ነው። ለጀማሪ የማያውቀውን የሚጠብቅ ቃል መስጠት ማምለጫ የሌለው ጥያቄ መጠየቅ ነው።

ማታ ደብተሬን ይዤ ግሦችን ደረደርሁ። በላ፣ ሰማ፣ ጠራ፣ መጣ ሁሉም ሁለተኛ ፊደላቸው ይጠብቃል። ሳመ፣ ላሰ፣ ሳለ፣ ላከ፣ ሳበ፣ ጣለ ግን አይጠብቁም። የጣራ ገዳሟ መምህር «ሳሉ፣ ላሱ፣ ሳሙ» ብላ የመረጠችው ለአፍ ስለሚቀሉ ነበር፤ በዚያው የማጥበቅን ችግርም ከልጆቹ መንገድ አንሥታዋለች። ለጀማሪ የሚጻፍ ታሪክ ለጥቂት ሳምንታት በእነዚህ ግሦች ብቻ ሊሄድ ይችላል። «ማር ላሰ» ያስኬዳል፤ ማር የሚልስ ልጅ ደግሞ ለሥዕል ይመቻል።

የምጽፈው መጽሐፍ መልኩ አሁን ተለይቶልኛል። የመጀመሪያዎቹ ገጾች በተከፈቱ ድምፆች ብቻ ይሄዳሉ፤ ማማ፣ ማሳ፣ ሳማ። ቀጥለው ም፣ ስ፣ ር በቃል መጨረሻ ይገባሉ፤ በአንድ ሐረግ ውስጥ ከአንድ የተዘጋ ፊደል አይበልጥም። ከዚያ እነዚያው ሳድሶች ወደ ቃል መጀመሪያ ይዞራሉ። ብ፣ ት፣ ክ የሚመጡት ከእነዚህ በኋላ ነው። የሚጠብቁ ግሦች የመጽሐፉ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ፣ ልጁ በየቀኑ በሚሰማቸው ቃላት ይጀምራሉ። መካከል ላይ ሳድስ የሚደራረብባቸውን ቃላት ለአንደኛ ክፍል መጽሐፍ እተዋቸዋለሁ።

ልጃቸው ፊደል ቆጥሮ የጨረሰ ወላጆችና ልጆቹን የሚረከቡ የአንደኛ ክፍል መምህራን ገበታውን ከዳር እስከ ዳር ከማስቆጠር በፊት አንዲት ቃል ብቻ ቢያስነብቡ ደስ ይለኛል። «ስም» ብለው ይጻፉለትና ያዳምጡት። ስ ከተከፈተች፣ ም ከተዘጋች፣ በመካከላቸውም ዝምታ ከሌለ ልጁ ማንበብ ጀምሯል። «ስእ፣ ምእ» ካለ ግን የሚያስፈልገው ሌላ ፊደል አይደለም፤ በያዛቸው ፊደሎች በአንድ እግርና በሁለት እግር መዝለል ነው።